«የሳንባ» የምትል አንድ ቃል ጨምሬ ነበር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለኝ፤ የትርጉም ሥራ እሠራበታለሁ። ከዚህ በፊት ለብዙ ዓመታት ነርስ ነበርኩ፤ ሁለቱን ዓመት ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ነው። ቀጥሎ የምናገረው ስህተት ከማንም ይልቅ በእኔ ላይ የሚከብደው ስለዚህ ነው።

ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጡት አብዛኞቹ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ከውጭ የጠራቸው ሰዎች ናቸው። ለቪዛ የጤና ምርመራ ቀጠሮ ይዘው፣ መሀል ከተማ ከመውረዳቸው በፊት ምን እንደሚጠየቁ ማወቅ ይፈልጋሉ። ለአውስትራሊያ፣ ለካናዳና ለኒውዚላንድ የሚያመለክቱትን የሚመረምሩት ሐኪሞች መልሱን የሚሞሉት ኢሜዲካል በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ያለፈውን የጤና ታሪክ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ አመልካቹ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይላል፤ በመጨረሻም የሰጠው መልስ እውነት መሆኑንና ለምርመራው መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጣል። የሚፈረመው በእንግሊዝኛው ላይ ነው። የእኔ ወረቀት ሰውየው የሚፈርምበትን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቀው ብቻ የተዘጋጀ የአማርኛ ቅጂ ነው፤ ሕጋዊ ክብደት የለውም። ይሁን እንጂ ባለጉዳዩ የሚመልሰው እኔ እንዳስረዳሁት ነው፤ ስህተቴም ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ መልስ ይሻገራል።

አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ባሏ አውስትራሊያ ሆኖ ጠራት። ወረቀቴን አብረን አነበብን፤ ሁሉንም «የለም፣ የለም» እያለች ጨረሰች። በሳምንቱ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ዶክተሩ ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አንገቴን አዩና ‹ይህ ጠባሳ የምንድን ነው?› አሉኝ። ዕጢ አብጦብኝ ፈርጦ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ስድስት ወር ኪኒን ዋጥኩና ዳነልኝ አልኳቸው። ‹ታዲያ ቲቢ ይዞሽ ያውቃል ወይ ስልሽ ለምን የለም አልሽኝ?› አሉኝ። እኔ እኮ ሳንባዬን ታምሜ አላውቅም!»

ወረቀቴን አወጣሁና አየሁት። ጥያቄው በእንግሊዝኛው የሚለው ቲቢ ብቻ ነው። እኔ ግን «የሳንባ ነቀርሳ ይዞዎት ያውቃል?» ብዬ ጽፌ ነበር። «የሳንባ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ስጽፋት እንኳ መጨመሬን አላስተዋልኩም፤ በአማርኛ የተለመደው የበሽታው ስም ይኸው ነውና። ሴትየዋ የመለሰችው እውነቱን ነው። ለተጠየቀችው ጥያቄ በትክክል መልሳለች፤ የተሳሳተው የተጠየቀችው ጥያቄ ነው።

ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ዕጢን፣ አጥንትን፣ የአንጎል ሽፋንን፣ ሆድ ዕቃን ይይዛል። በሀገራችን ደግሞ የዕጢ ቲቢ በጣም የተለመደ ነው፤ በቲቢ ክፍል በሠራሁበት ዘመን አንገቱ ያበጠ ሰው ሳላይ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። ብዙዎቹ ሲታከሙ ስሙን በውል አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው «የዕጢ በሽታ» ብለው ይዘውታል። ሳል የላቸውም፣ አክታ አይወጣቸውም፣ ራጃቸውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ መጠየቅ ያላዩትን አገር እንደ መጠየቅ ነው።

«ነቀርሳ» የሚለው ቃል ራሱም ሌላ ጣጣ አለበት። «የጡት ነቀርሳ»፣ «የማኅፀን ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ነው። በዚያው ቅጽ ላይ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ካንሰር ይዞ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። ላይኛውን «ነቀርሳ»፣ ታችኛውንም «ነቀርሳ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሁለት የማይገናኙ በሽታዎችን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ «ነቀርሳ»ን ከወረቀቴ አውጥቻታለሁ። አንዱ «ቲቢ»፣ ሌላው «ካንሰር» ነው። ሁለቱም የውጭ ቃላት ናቸው፤ ገበሬም ነጋዴም ግን ያውቃቸዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይምታታበትም።

ቃሉን ማስተካከል ብቻውን ግን አልበቃም። «ቲቢ» ተብሎ ሳይነገረው የታከመ ሰው «ቲቢ ይዞዎት ያውቃል?» ቢባልም «አይ» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ያለፈ የነርስነት ሥራዬ ጠቀመኝ። ሰው የበሽታውን ስም ይረሳል፤ ሕክምናውን ግን አይረሳም። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ብዙ ሰው ኪኒኑን በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄደ ባለሙያ ፊት ውጧል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው፣ ሽንትን ወደ ብርቱካንማ ቀለም ይለውጣል፤ ያንን ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል። ስለዚህ ከጥያቄው ሥር፣ በሌላ መልክ በተጻፈ ፊደል፣ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ጨመርኩ፦ «ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ዕጢን፣ አጥንትንና ሌላም የሰውነት ክፍል ይይዛል። ለወራት ያህል በየቀኑ ከጤና ጣቢያ ኪኒን ወስደው ከሆነ፣ ወይም መድኃኒት ሲወስዱ ሽንትዎ ብርቱካንማ ሆኖ ከነበረ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ።»

ማስታወሻው በሌላ መልክ መጻፉን አደራ ብዬ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጹ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ተርጓሚው ለማስረዳት ያለው ሌላ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ባለጉዳዩ ሐኪሙ ፊት ቀርቦ «ቅጹ ላይ ስለ ሽንት ተጠይቄያለሁ» ይላል፤ ሐኪሙ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አያውቅም። የእኔም ስህተት የጀመረው ከዚሁ ነው፤ የራሴን ቃል በቅጹ ቃል ውስጥ ከትቼ ነበር።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ዕድሏ ሆኖ ሐኪሙ ሪፖርቱን ገና አልላኩትም ነበር። መልሷን አስተካከሉና የሕክምናዋን ማስረጃ እንድታመጣ አዘዟት፤ የትኛውን መድኃኒት ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰደች የሚገልጽ። «ቲቢ ይዞኝ ነበር ካልኩ ቪዛው ይቀራል» ብላ እያለቀሰች ነበር። በትክክል ታክሞ የዳነ ቲቢ ብቻውን ቪዛ እንደማያስከለክል ነገርኳት። አሁን ሕመም ሆኖ በሰውነት ውስጥ ያለ ቲቢ ነው ጉዞን የሚያቆመው፤ እሱም ታክሞ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ታክሞ የነበረን ነገር «የለም» ብሎ ፈርሞ በኋላ መገኘት ግን ጉዳዩን ከሕክምና ወደ እውነተኛነት ጥያቄ ያሻግረዋል፤ የዚያ መውጫው ጠባብ ነው።

የታከመችው ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ እናቷ ቤት ሳለች ነው። የጤና ጣቢያው የቲቢ መዝገብ ተገላብጦ ስሟ እስኪገኝ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። የተሰጣት ማስረጃ በአማርኛ ነው፤ ሕክምና የጀመረችው ጥቅምት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጨረሰችው ሚያዝያ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ይላል። ወደ እንግሊዝኛ እንድመልሰው ይዛልኝ ስትመጣ አንድ ሌላ ሰው የጻፈላት ትርጉም በእጇ ነበር። ያ ሰው ሁለቱም ላይ ስምንት ዓመት ደምሯል። በእሱ ወረቀት መሠረት ሴትየዋ በጥቅምት 2016 ጀምራ በሚያዝያ 2016 ጨርሳለች፤ ማለትም ሳትጀምር ጨርሳለች!

ይህ ጥፋት ምን ያህል እንደሚደጋገም ብናገር ለማመን ያስቸግራል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ያለው ጊዜ በፈረንጅ ሲቆጠር የሚጨመርበት ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ጥቅምት 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የሚውለው ኦክቶበር 21 ቀን 2015 ሲሆን፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ኤፕሪል 18 ቀን 2016 ላይ ነው። በመካከሉ ያሉትን ቀናት ስቆጥራቸው 180 መጡ፤ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው ስድስት ወራት። ይህን ቆጠራ ለማንኛውም የሕክምና ቀን አደርገዋለሁ፤ የቀኑ ልዩነት ከሕክምናው ርዝመት ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ሴቶች የመጨረሻ የወር አበባ ቀናቸውን ሲናገሩም ጥንቃቄው ያው ነው። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ራጅ መነሣት የሚወሰነው በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ «ጥር 5» ያለችውን ጃንዋሪ 5 ብሎ የሚጽፍ ሰው የስምንት ቀን ያህል ስህተት ሠርቷል።

የቲቢው ጥያቄ ሌላም ወጥመድ አለበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ጥያቄ አለ፤ ይዞዎት ያውቃል፣ ታክመው ያውቃሉ፣ በአንድ ቤት ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ተቀራርበው ኖረው ያውቃሉ። በአፍ ሲነበብለት ሰው የሚመልሰው ለመጨረሻዋ ብቻ ነው። አሁን በሦስት መስመር ለያይቼ ጽፌያቸዋለሁ፤ ለእያንዳንዷ ለብቻዋ እንዲመልሱ አደርጋለሁ። ሦስተኛዋን ቀድሞ «ከቤተሰብዎ መካከል ቲቢ የያዘው ሰው አለ?» ብዬ ተርጉሜያት ነበር። ቤተሰብ ያልኩት ቤት ውስጥ አብሮ የሚኖር ለማለት ነው፤ ሰው የሚሰማው ግን የሥጋ ዘመድ ነው። አንድ ወጣት «አይ፣ ዘመዶቼ ሁሉ ደህና ናቸው» አለኝና ቆየት ብሎ ስለ ኑሮው ሲያወራ፣ ኮዬ ፈጬ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለአንድ ዓመት አብሮት የተኛው ደባሉ የቲቢ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ነገረኝ። በእኛ ሠፈር ደባል፣ የቤት ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥቶ የተጠጋ የአክስት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። አሁን «በአንድ ቤት አብሮዎት የኖረ ማንኛውም ሰው፣ ዘመድ ይሁን አይሁን» ይላል።

ስለ ስምምነቱ ክፍል መናገር ያለብኝ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በጥያቄዎቹ ላይ ሰው ቢሳሳት ሐኪሙ መልሶ ይጠይቀዋል፤ ስምምነቱን ግን ማንም መልሶ አይጠይቀውም። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ትርጉሜ «የጤና መረጃዬ ለሚመለከተው አካል እንዲተላለፍ ፈቅጃለሁ» ይል ነበር። ጥሩ የቢሮ አማርኛ ነው፤ ማንም አላረመኝም። አንድ ቀን አንድ አባት ካነበቡት በኋላ፣ «አባባ፣ ይህን ከፈረሙ ውጤትዎን የሚያየው ማን ነው?» አልኳቸው። «የሚመለከተው አካል ነዋ፤ ቀበሌ» አሉኝ። ሕይወታቸውን ሙሉ ይህን ቃል የሰሙት ቀበሌ በር ላይ ነው፤ እንዲያ ቢረዱት አይፈረድባቸውም። ሌላዋ ደግሞ ውጤቷ ለባሏ የሚደርሰው መስሏት ነበር።

«ሊተላለፍ ይችላል»፣ «ሊሰጥ ይችላል» የሚሉት አነጋገሮች አድራጊውን ይደብቃሉ። ማን ይልካል? ለማን? በአማርኛ ካልተናገርነው ማንም አያውቀውም። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «የመረመረኝ ሐኪም የምርመራ ውጤቴን ለአውስትራሊያ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እንዲልክ ተስማምቻለሁ።» ለካናዳ የሚሄድ ከሆነ የሀገሩን ስም እለውጣለሁ። ከሥሩ በማስታወሻው ፊደል ሐኪሙ መርምሮ እንደሚልክ፣ ቪዛውን የሚሰጠውም የሚከለክለውም ግን ያ መሥሪያ ቤት እንደሆነ እጽፋለሁ። ይህ ካልተነገረ ሰው ሐኪሙን ሊለማመጥ ይሞክራል፤ እኔ ዘንድ መጥቶ «ለዶክተሩ ስንት ልስጥ?» ያለኝም አለ።

ደም የሚቀዳውም እንዲሁ ነው። «የደም ምርመራ» ብሎ መተርጎም ለተርጓሚው ይቀልለዋል፤ ማንንም አያስደነግጥም። ለአውስትራሊያና ለካናዳ በቋሚነት ለመኖር የሚያመለክት ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን ደሙ ለኤች አይ ቪም ይመረመራል። ሰው ምን እንደሚመረመርለት ሳያውቅ ክንዱን ከዘረጋ ተስማማ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ ስሙን ጠርቼ እጽፈዋለሁ። «አልመረመርም» ማለት እንደሚችልም፣ ያኔ ግን ምርመራው ስለማይሟላ ቪዛው እንደማይሰጠው እነግረዋለሁ። አንዳንዱ አሜሪካ የሄደ ዘመዱ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዳልተደረገለት ነግሮት ስለሚመጣ ይከራከረኛል። ዘመዱ እውነቱን ነው፤ አሜሪካ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ይህን ምርመራ ከስደተኞች የጤና ምርመራ አውጥታዋለች። የአንዱን ሀገር ቅጽ ለሌላው ማዋል የማይቻለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ በሚፈረመው መግለጫ ላይ ደግሞ መልሱ እውነት የሚሆነው «እስከማውቀው ድረስ» ነው። ይህችን ሐረግ ትርጉም ላይ የሚጥሏት ብዙ ናቸው፤ ትንሽ ስለሆነች። ስትጣል መግለጫው መሐላ ይሆናል፤ በልጅነቱ ምን እንደታመመ የማያውቅ ሰው በማያውቀው ነገር ይምላል፤ ወይም ፈርቶ ብዕሩን ያስቀምጣል። መድኃኒትን የሚመለከተው ጥያቄም በቅንፍ የሚተወው ነገር አለው፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ሲጠይቅ የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያን አይጨምርም። ቅንፉን የዘለለ ተርጓሚ አንዲትን ልጅ አማቷ አጠገብ ተቀምጣ ሊያስነግራት የማይገባውን ያስነግራታል። እኔ ጥያቄዎቹን የማነበው ባለጉዳዩን ብቻውን አስቀምጬ ነው። አጅቦ የመጣው ወንድም፣ አማት ወይም ባል ፎቶ ኮፒው ዘንድ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። የሚቀየም አለ፤ ይቀየም።

በመጨረሻ የማደርገው ነገር ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አልተወውም። «ገብቶዎታል?» ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው በአክብሮት «አዎ» ይላል። ወረቀቱን እገለብጥና «ቤት ሲገቡ እናትዎ ምን አስፈረሙህ ቢሉዎት ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» እላለሁ። በራሱ አነጋገር ይነግረኛል። ውጤቱን ማን እንደሚልክ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለምን ለምን እንደሚመረመር ካልወጣው ተመልሰን እናነባለን። የተዘለለችውን ነገር ሦስት ሰው ከዘለላት ስህተቱ የወረቀቴ ስለሆነ ወረቀቱን አርማለሁ። በአማርኛ ተቸግሮ የሚነግረኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ በኦሮምኛ ወደሚሠራው ጓደኛዬ እልከዋለሁ፤ ገላን በኩል ከሚመጡት ብዙዎቹ የጤናቸውን ነገር የሚያወሩት በኦሮምኛ ነውና።

ያችን ሴት ማስረጃዋን ተርጉሜ ከሰጠኋት በኋላ ወረቀቱን ገልብጬ ጠየቅኋት። ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አወረደችና፣ «እማዬን የምላት፣ በጥቅምት የጀመርኩትን ኪኒን በሚያዝያ ጨርሻለሁ ብዬ ነገርኳቸው፤ ዶክተሩም ያንኑ ጽፎ አውስትራሊያ ላለው መሥሪያ ቤት ይልካል፤ ደሜንም ለኤች አይ ቪ ያዩታል፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው ነው» አለችኝ። በማግሥቱ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ወረደች።